ቅጠሉን የጣለ ዛፍ በምን ይለያል? ከመተማ ቆላ ደን የበጋ ፎቶዎች ጋር የቆየ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጨረሻ

ሥራው ይሄ ነው። በመተማ ዙሪያ ባለው ቆላ ደን ውስጥ የናሙና ቦታዎች አሉን። በየቦታው ያለው ዛፍ ሁሉ ቁጥር አለው። ፎቶ ይነሳል፣ የግንዱ ውፍረት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል፣ ከዚያ ስሙ ይጻፋል። ፎቶና መለኪያው ቀላል ነው። አስቸጋሪው ስሙ ነው።

ክረምት ላይ የአካባቢው ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ስለሚላቁጥ መኪና አያስገባም። መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጥለው ይጠብቁናል። በእጃችን ያለው የግንድ፣ የቅርንጫፍና የሰማይ ፎቶ ብቻ ነው። የመለያ መጻሕፍቱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቅጠል ነው፣ ቀጥሎ ስለ አበባ። ቅርፊት በአንድ መስመር ይታለፋል።

ለጊዜው ፎቶዎቹን በሁለት ክምር ከፍያለሁ። ግንዳቸው ነጣ ብሎ የሚላጥ በአንድ ወገን፣ ግንዳቸው ጥቁር ሆኖ የተሰነጣጠቀ በሌላ ወገን። ይህ መለያ አይደለም፣ ጠረጴዛ ማጽጃ ነው። ነገር ግን ከወዲሁ አንድ ነገር ያሳያል። ግራ የሚያጋቡን ዛፎች ብዙ ዓይነት አይደሉም። በነጩ ክምር ውስጥ የዕጣን ዛፍ፣ ዳርሌና ዛና አሉ። በጥቁሩ ውስጥ ወይባና አባሎ ይበዛሉ። እነዚህን አምስቱን በትክክል መለየት ከቻልን አብዛኛው ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ቅርፊት የሚለውና የማይለው

ከነጩ ክምር ጀመርኩ። የዕጣን ዛፍ፣ ማለትም ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ ቅርፊቱ ከነጭ እስከ ፈዛዛ ቡኒ ነው። የሚላጠው በሰፋፊ ስስ ወረቀት መልክ ነው። ልጡ ከግንዱ ተለይቶ ጠርዙ ይጠቀለላል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ብርሃን አሳልፎ ሲያበራ ፎቶው ላይ ይታያል። ዳርሌ ደግሞ፣ ስሙ በሳይንሱ ስተርኩሊያ ሴቲጌራ ነው፣ ግራጫ ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቅርፊት አለው። እሱም ይላጣል፣ ግን በትናንሽ ቁራሽ ነው። ቁራሹ ሲወድቅ ከሥሩ ፈዛዛ ቦታ ይቀራል፤ ግንዱ ዥንጉርጉር ይሆናል። ዛናም ግራጫ ልሙጥ ግንድ አለው፣ እሱም በየቦታው እየተላጠ ፈዛዛ ነጠብጣብ ይተዋል።

በቃል ሲነገር ሦስቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። በፎቶ ግን ዛናና ዳርሌ በቅርፊት ብቻ ብዙ ጊዜ አይለዩም። ወጣት የዕጣን ዛፍም ገና በደንብ መላጥ ስላልጀመረ ከሁለቱ ጋር ይቀላቀላል።

ቅርፊትን የሚያበላሹ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ትልቁ እሳት ነው። በዚህ ደን ውስጥ በበጋ ሣሩ በየጊዜው ይቃጠላል፣ የግንዱ የታችኛው ክፍልም ይጠቁራል። ነጭ ግንድ የነበረው ዛፍ ጥቁሩ ክምር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ የግንዱ ፎቶ የሚነሳው ከእሳቱ ጥቁር መስመር በላይ ነው። ሁለተኛው የቀትር ፀሐይ ነው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲያርፍ ስንጥቁም ልጡም ይጠፋል፣ ግንዱ ጠፍጣፋ ግድግዳ ይመስላል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ከጎን በሚመጣ ብርሃን የተነሳው ፎቶ ግን የስንጥቁን ጥልቀት ጭምር ያሳያል። ጥላ ያለበት ጎን ቢሆንም እንኳ ከቀትሩ ይሻላል።

በዕጣን ዛፍ ላይ የማምረቻ ቁስል ስለሚታይ «ቁስል ካለው ዕጣን ነው» ብሎ መሄድ ያጓጓል። ግን ዳርሌም ሙጫ ስላለው ሰው ይነካዋል። የመጥረቢያ ምልክት የሰውን ሥራ ነው የሚነግረን፣ የዛፉን ማንነት አይደለም።

ታኅሣሥ ማብቂያ፦ ጫፉን ተመልከቱ

ዛሬ ከአንድ በዕድሜ ከገፉ የዕጣን ሠራተኛ ጋር በደኑ ውስጥ ሄድን። ስልኬን ወደ ግንድ ሳቀርብ ቆም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ግንዱን ምን ታደርገዋለህ? ቀና በል። ጫፉን እየው።»

«ጫፉ ላይ ምን አለ አባባ? ቅጠል የለውም'ኮ።»

«ቅጠሉ የነበረበት ቦታ አለ።»

የቅጠል ጠባሳ የሚባለው ይህ ነው። ቅጠል ሲረግፍ ዝም ብሎ አይቀደድም። ዛፉ አስቀድሞ በቅጠሉ እግር ላይ ስስ የመለያ ሽፋን ይሠራል። ቅጠሉ በዚያ መስመር ይለቃል፣ የቀረው ቁስል በቡሽ መሰል ሽፋን ይዘጋል። ያ የተዘጋ ቦታ በቀንበጡ ላይ ክብ፣ ልብ መሰል ወይም ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ወፍራም ቀንበጥ ላይ ከአንድ በጋ በላይ ይቆያል። በቀጫጭኑ ላይ ደግሞ ቀንበጡ ሲወፍር ቶሎ ይደበዝዛል።

ከጠባሳው አራት ነገር ይነበባል። አንደኛው አቀማመጥ ነው። ሁለት ጠባሳ ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ወይስ አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ይወጣል? ሁለተኛው ስፋቱ ነው። ሦስተኛው የት እንደበዛ ነው፤ በቀንበጡ ርዝመት ተበትኗል ወይስ ጫፍ ላይ ተጨናንቋል? አራተኛው ከጠባሳው በላይ ያለችው ትንሽ እምቡጥ ናት። ይህቺ እምቡጥ ጥሩ ማረጋገጫ ናት። የቅጠል ጠባሳ ከሆነ ከበላዩ እምቡጥ ወይም ከእምቡጥ የወጣ ቅርንጫፍ ይኖራል። ከሌለ ምናልባት ፍሬ የተንጠለጠለበት ወይም ቅርንጫፍ የተሰበረበት ቦታ ነው።

እምቡጧ ሌላም ጥቅም አላት። የዕጣን ዛፍና ዛና ቅጠላቸው ብዙ ትናንሽ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩበት ነው። እምቡጥ የሚኖረው በዘንጉ እግር ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ትልቅ ጠባሳ ይተዋሉ። ስለዚህ ሰፊ ጠባሳ ሲታይ የጠፋው ቅጠል ትልቅ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ከነጩ ክምር ላይ ይህን ስሞክር ዛና ወዲያው ተለየ። የዛና ጠባሳዎች ትልልቅና ፊት ለፊት ናቸው። የዕጣን ዛፍና የዳርሌ ግን አይተያዩም፣ እየተፈራረቁ ዙሪያውን ይወጣሉ፣ ወደ ጫፉም ይጨናነቃሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ከሦስቱ አንዱን አወጣ። በዛና ላይ ረጅም፣ ቀጭንና የተጠማዘዘ ፍሬ ተንጠልጥሎ ከቆየ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ፍሬ ነው፤ ከሩቅ ፎቶም ይታያል።

ጥር መጀመሪያ፦ የፎቶው አነሳስ ተለወጠ

እስካሁን ለአንድ ዛፍ ሁለት ፎቶ ነበር፤ ግንዱና ሙሉ ዛፉ። አሁን አምስት ሆኗል። የግንዱ እግር ከመሬት ጋር፣ ግንዱ ከእሳት መስመር በላይ፣ ሙሉ ዛፉ ከሰማይ ጋር፣ የቀንበጥ ጫፍ በቅርበት፣ መጨረሻ ላይ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት። ስሙ ሲቀመጥ የቦታው ቁጥር፣ የዛፉ ቁጥርና የፎቶው ዓይነት ይገባበታል፤ ለምሳሌ `04_11_tip.jpg`። እንዲህ ካልሆነ የአንዱ ዛፍ ጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ይጋባል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው የጫፉ ፎቶ ነው። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ከተገኘ ጥሩ። ካልተገኘ በረጅም እንጨት ላይ ማጭድ አስረን አንድ ቀንበጥ እናወርዳለን። ቀንበጡ በነጭ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ማስመሪያ ይጋደማል። ስልኩን በጣም ካቀረቡት ምስሉ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት እጥፍ ማጉላት ይሻላል። አንድ ጫፍ ከሁለት ጎን ይነሳል። ከአንድ ጎን ብቻ ሲታይ ጀርባው ላይ ያለው ጠባሳ ስለማይታይ ፊት ለፊት የሆነው ሁሉ ተፈራራቂ ይመስላል።

ሙሉ ዛፉን በሰፊው ሌንስ ከሥር ሆኖ ማንሳት ቀርቷል። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ ላይ የተዘረጉ ያስመስላል። ራቅ ብሎ፣ የዛፉን ቁመት ያህል ተጉዞ፣ በተለመደው ሌንስ ማንሳት የቅርንጫፉን ማዕዘን ሳያጣምም ያሳያል።

ጥር አጋማሽ፦ ቦታ 4፣ ዛፍ 11

ይህን ዛፍ በዝርዝር እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ያሳያል።

የግንዱ ፎቶ ነጣ ያለ ቅርፊት ያሳያል፣ ልጡ በየቦታው ተነስቷል። በማስታወሻው ላይ ባልደረባዬ «ዕጣን?» ብሎ ጽፏል፣ የጥያቄ ምልክቱ ተገቢ ነው። ልጡን አጉልቼ አየሁ። ቁራሾቹ ትናንሽ ናቸው፣ ከጣት ጥፍር እስከ መዳፍ ቢሆኑ ነው። የሚጠቀለል ሰፊ ወረቀት የለም። ይህ ወደ ዳርሌ ያደላል። ግን ዛፉ መካከለኛ ውፍረት ስላለው ወጣት የዕጣን ዛፍ ሊሆን ይችላል የሚለው ገና አልወደቀም።

ወደ ግንዱ እግር ፎቶ ሄድኩ። ግንዱ መሬት ከመድረሱ በፊት ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሁለት አጭር ክንፍ የመሰሉ ድጋፎች ይታያሉ። ዳርሌ ላይ የተለመደ ነገር ነው። የዕጣን ዛፍ እግር እንዲህ አይደለም። ሁለተኛ ነጥብ ለዳርሌ።

የጫፉ ፎቶ። ጠባሳዎቹ ተፈራራቂ ናቸው፣ ስለዚህ ዛና ወጣ። ቀንበጡ ወፍራም ነው፣ የሁለቱም ስለሆነ አያግዝም። ግን የቀንበጡ የመጨረሻ ክፍል ላይ ሐር የመሰለ አጭር ጸጉር አለ፣ ከጎን በመጣው ብርሃን ጎልቶ ይታያል። ዳርሌ ወጣት ቀንበጡ ጸጉራም ነው። ይህን ግን በከፊል ነው የምቀበለው። የዕጣን ዛፍም የቅጠሉ ዘንግ ጸጉር ስላለው ጫፉ አካባቢ ሊታይ ይችላል።

ከዚያ በጫፉ ላይ የጠፋውን ነገር ፈለግሁ። የዕጣን ዛፍ የሚያብበው ቅጠል በሌለበት ወቅት ነው። በዚህ ሰዓት በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ቀላ ያለ የአበባ ዘንግ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ ቀመስ አበባ፣ ካለፈ ደግሞ ሦስት ጎን ያላቸው ትናንሽ ፍሬዎች መታየት ነበረባቸው። በዙሪያው ያሉት የዕጣን ዛፎች ሁሉ ይህ አላቸው። ዛፍ 11 ምንም የለውም። የአንድ ነገር አለመኖር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በጣም የደማ ወይም የታመመ ዛፍ አበባውን ሊያስቀር ይችላል። ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን ክብደት አለው።

የወሰነው የመሬቱ ፎቶ ነው። ከዛፉ ሥር ጠንካራ፣ እንደ ታንኳ የተከፈተ የፍሬ ቅርፊት ወድቋል። ሙሉ ዛፉን ባጎላው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እነዚሁ ታንኳዎች ከአንድ እግር ተነስተው ዙሪያውን ተዘርግተው አሉ። ይህ የዳርሌ ፍሬ ነው፤ እስከ አምስት ድረስ ሆኖ በአንድ ላይ ይበቅላል። መሬት ላይ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤት ዛፍ ሊመጣ ይችላል እል ነበር። ቅርንጫፉ ላይ ስለታየ አለቀ። ስም፦ ዳርሌ። እርግጠኝነት፦ ከፍተኛ።

ፍሬውን ለሚያነሱ፦ ታንኳው ውስጥ ያለው ደረቅ ጸጉር ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ያሳክካል። በእንጨት ገልበጡት። ዓይን ደግሞ አትነካኩ።

ቦታው ላይ የሆነ ሰው ከፎቶ የማይገኝ ማረጋገጫም አለው። የዳርሌ ሙጫ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያብጣል፣ እንደ ጄሊ ይሆናል፣ ትንሽ የሆምጣጤ ሽታም አለው። የዕጣኑ ፍሳሽ በፍም ላይ ሲደረግ ራሱን ያስተዋውቃል። ከቁስል ላይ ደርቆ የቀረ ጠብታ ካለ በላስቲክ ይዞ መመለስ ይበቃል። ለመለያ ብሎ አዲስ ቁስል መክፈት አያስፈልግም። እነዚህ የዕጣን ዛፎች ቀድሞውኑ በብዙ ቁስል የደከሙ ናቸው።

የካቲት መጀመሪያ፦ ጥቁሩ ክምር

ወይባና አባሎ ዘመድ ናቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ይወጣሉ። በአንዳንድ አካባቢ ሁለቱንም አባሎ ይሏቸዋል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሳይንሱን ስም አብረን እንጽፋለን፤ ወይባ ተርሚናሊያ፣ አባሎ ኮምብሬተም።

በቅርፊት በኩል አባሎ፣ በተለይ ኮምብሬተም ሞሌ፣ በርዝመትም በአግድምም ይሰነጠቃል፤ ግንዱ በትናንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ይሸፈናል። ወይባ ግን በረጅሙ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሰነጠቀው፣ ስንጥቁም ጥልቅ ነው። ያረጀ ዛፍ ላይ ይህ በደንብ ይሠራል። ወጣቱ ላይ አይሠራም።

ጠባሳቸው ይሻላል። ወይባ ጠባሳው እየተፈራረቀ ዙሪያውን ይወጣል፣ ጫፍ ላይም ይጨናነቃል። ኮምብሬተም ሞሌ ጠባሳው ፊት ለፊት ነው። እዚህ ላይ ግን በሥራው ውስጥ ካየሁት ሁሉ በላይ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ቅርንጫፉን አይቶ ስለ ጠባሳው መፍረድ አይቻልም። ፊት ለፊት ከነበሩት ሁለት እምቡጦች ብዙ ጊዜ አንደኛው ብቻ ነው የሚያድገው። ሌላው ይደርቃል፣ ወይ ፍየል ትበላዋለች። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ የአባሎ ቅርንጫፍ ተፈራራቂ ይመስላል። ትክክለኛው መልስ ያለው በመጨረሻው ቀንበጥ ላይ፣ በጠባሳው ላይ ነው።

የወይባ አካሄድ ግን ከሩቅም ጠቃሚ ነው። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይሄድና ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ እዚያ ላይ እድገቱ ይገታል፣ ቅጠሉም እዚያ ይሰበሰባል። ቀጣዩ እድገት የሚነሳው ከዚያ ጫፍ ሥር ከጎን ነው፤ እሱም ትንሽ ሄዶ ይታጠፋል። ይህ ሲደጋገም ቅርንጫፉ የደረጃ መልክ ይይዛል፣ ዛፉም ከሰማይ ጋር ሲታይ በንብርብር የተዘረጋ ይሆናል። ቦታ 7 ላይ ያሉትን ብዙዎቹን የለየሁት በዚህ ነው፣ በኋላ ጫፋቸውን አውርደን አየን፤ ጠባሳው ተስማማ።

ነገር ግን ሰው የቆረጠው ዛፍ ይህን ቅርጽ ያጣል። ለማገዶ ወይም ለአጥር ሲቆረጥ ከጉቶው ብዙ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ይወጣሉ፣ ደረጃውም ንብርብሩም አይኖርም። ቀበሌው አጠገብ ያሉት ሁሉ እንዲህ ናቸው። ለእነሱ የሙሉ ዛፉ ፎቶ ዋጋ የለውም፣ በቀጥታ ወደ ጠባሳው ነው።

ፍሬ ከተገኘ ነገሩ ያጥራል። የወይባ ፍሬ ጠፍጣፋ ነው፣ መሐል ያለውን ዘር አንድ ክንፍ ዙሪያውን ይከበዋል። የአባሎ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክንፍ አለው። ሁለቱም በነፋስ ስለሚበርሩ መሬት ላይ የተገኘውን አንቆጥርም፤ ቅርንጫፍ ላይ የቀረውን ብቻ ነው።

መጋቢት

ስለ እሾሃማዎቹ አጭር ማስታወሻ። እነሱ በበጋ ይቀላሉ፣ እሾህ አይረግፍምና። ቁርቁራ ጠባሳው አጠገብ ሁለት እሾህ አለው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ። ቀንበጡም ከጠባሳ ጠባሳ ዚግዛግ ይሄዳል። በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው ግራር ደግሞ ከሌሎቹ በተቃራኒ ቅጠሉን የሚጥለው በክረምት ነው። ስለዚህ በጥር ፎቶ ላይ ራቁቱን የቆመ ግራር ሲታይ ገርቢ ከዝርዝሩ መጨረሻ ይቀመጣል።

ዛናዎቹ አበባ አውጥተዋል። ቅጠል ሳይኖር ሐምራዊ ቀመስ አበባ ዛፉን ሸፍኖታል። በጠባሳ ብቻ ዛና ያልናቸውን አሁን በአበባቸው እያረጋገጥን ነው።

ሰኔ መጀመሪያ

ዝናብ ጣለ። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ቦታ 4 እና 7 ተመልሰን ገባን። ቅጠሉ ገና ትንሽ ነው፣ ግን ይበቃል። ዛፍ 11 ባለ ጣት ሰፊ ቅጠል አውጥቷል፤ ዳርሌ ነው። የዕጣን ዛፎቹ ጫፍ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ቅጠሎች እየተዘረጉ ነው።

ሳይፈታ የቀረው አባሎዎቹ ውስጥ ነው። ኮምብሬተም ኮሊነም የሚባለው ዝርያ ቅጠሉ ፊት ለፊትም፣ ተፈራራቂም፣ ሦስት ሦስት ሆኖም ሊወጣ ይችላል። ፍሬ በሌለው የበጋ ፎቶ ላይ ይህን ከተርሚናሊያ ለመለየት የቅርንጫፉ ደረጃ ብቻ ነው የሚቀረን፤ ዛፉ ተቆርጦ ከነበረ እሱም የለም። እነዚህን መዝገቡ ላይ «የአባሎና ወይባ ቤተሰብ» ብዬ አቁሜአቸዋለሁ። ከዚያ በታች መውረድ ፎቶው አይፈቅድም። ቁጥራቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀብተናል። ቅጠላቸው ሲጠነክር ከእያንዳንዳቸው አንድ ቀንበጥ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ይደርቃል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይሄዳል። በመጪው ኅዳር ደግሞ የነዚሁ ዛፎች ጫፍ ፍሬያቸው ሳይረግፍ ይነሳል፤ የፎቶው ዝርዝርም ስድስተኛ መስመር ተጨምሮበታል፦ `fruit`።